የአራት ገጽ ተኩል ድርሰቴን ወደ አንድ ገጽ የፈተና መከለሻ መለወጥ አቃተኝ (የውጫሌ ውልና አድዋ)

የማታ ተማሪ

ሰላም ለሁላችሁ። ቀን ቢሮ እየሠራሁ ማታ ታሪክ የምማር ተማሪ ነኝ። ባለፈው ወር «የውጫሌ ውል ለአድዋ ጦርነት ምን ያህል ምክንያት ነበር? ገምግሙ» ለሚል የቤት ሥራ አራት ገጽ ተኩል የሚሆን መልስ ጽፌ ነበር፤ ውጤቱም ደኅና ነው። የማጠቃለያ ፈተናው ሦስት ሳምንት ቀርቶታል። አራት ገጽ ተኩሉን በየቀኑ ማንበብ ስለማልችል በአንድ ገጽ ላይ በርእስና በቁልፍ ቃላት ላደርገው ሞከርኩ። የወጣልኝ ይህ ነው፦

መግቢያ፦ ውጫሌ፣ 1889፣ አንቶኔሊ
ምክንያቶች፦ አንቀጽ 17፣ ትርጉም፣ ቅኝ ግዛት
ሂደት፦ አምባላጌ፣ መቀሌ፣ አድዋ
ውጤት፦ ድል፣ የአዲስ አበባ ውል 1889፣ ነጻነት

በጻፍኩበት ቀን በጣም ግልጽ ነበር። ከአራት ቀን በኋላ ግን ስመለስበት «ትርጉም» ብዬ የጻፍኩት ምን ለማለት እንደሆነ ለራሴም ጠፋኝ፤ ቃሉን አውቀዋለሁ፣ በመልሱ ውስጥ ምን ይሠራ እንደነበር ግን አላስታውስም። ለማየት እንዲመቻችሁ ከድርሰቱ መካከል አንዱን አንቀጽ እንዳለ አስቀምጣለሁ፦

«ምኒልክ ውሉን የተፈራረሙት ሚያዝያ 25 ቀን 1881 ዓ.ም. ሲሆን አፄ ዮሐንስ መተማ ላይ ከሞቱ ገና ሁለት ወር አልሞላም ነበር። በዚያ ጊዜ ለዙፋናቸው ዕውቅናን፣ ለሠራዊታቸው መሣሪያን ይፈልጉ ስለነበር ከጣልያን ጋር መስማማታቸው የሚያስገርም አይደለም። ይሁን እንጂ የአንቀጽ 17 የአማርኛ ቅጂ ንጉሠ ነገሥቱ ከአውሮፓ ነገሥታት ጋር በጣልያን አጋዥነት መላላክ ‹ይቻላቸዋል› ሲል፣ የጣልያንኛው ቅጂ ጉዳዩን እንደ ተስማሙበት ግዴታ አስቀምጦታል። የክሪስፒ መንግሥትም ይህንኑ ይዞ በጥቅምት 1882 ዓ.ም. ለአውሮፓ መንግሥታት አሳወቀ፤ ኢትዮጵያም በጣልያን ጥበቃ ሥር እንደሆነች ተቆጠረ። ምኒልክ ነገሩን የተረዱት ግን ለአውሮፓ ነገሥታት የላኩት ደብዳቤ መልስ ሲመጣላቸው ነው።»

የተሳሳትኩት የቱ ላይ ነው?

አዲስ ገጽ

እህቴ፣ ስሕተትሽ ወረቀቱ አሁንም መብዛቱ ይመስለኛል። እኔ በአንድ መስመር ከአራት ቃል በላይ አልጽፍም፤ ሰው ሰማያዊ፣ ቦታ አረንጓዴ፣ ዓመት ቀይ አደርገዋለሁ። ለዚህ ጥያቄ ደግሞ የሚያስፈልግሽ አንድ ቃል ብቻ ነው፤ «ይቻላቸዋል» የሚለውን በትልቁ ጽፈሽ ክበቢው። ትርጉሙ ባይሳሳት ኖሮ ጦርነቱ ባልነበረም፤ ሌላው ሁሉ ማድመቂያ ነው። ወረቀቱን መታጠቢያ ቤት መስታወት ላይ ለጥፈሽ ጠዋት ጠዋት አንብቢው።

ሲልቨር ስፕሪንግ

የኔ እህት፣ እኔ ሜሪላንድ የምኖር እናት ነኝ። ልጄ ሁለተኛ ደረጃ ነው፤ እሱም ድርሰቱ ሁልጊዜ ይረዝምበትና ከተፈቀደው የቃላት ብዛት ያልፋል። አስተማሪዋ ያለችው «መጀመሪያ ቅጽሎቹን፣ ቀጥሎ የተደገመውን ሐሳብ፣ በመጨረሻ መግቢያውን ቁረጥ» ነው። በዚህ ብትሄጂ አራት ገጽ ተኩሉ ሁለት ገጽ ይሆንልሻል ብዬ አስባለሁ።

የማታ ተማሪ

እትዬ፣ ስለ አሳብዎ አመሰግናለሁ፤ ነገር ግን ድርሰቱን አሳጥሬ የማስረክበው ሰው የለም። ድርሰቱ ታርሞ ተመልሶልኛል። የምፈልገው እሱን አይቼ ፈተና ክፍል ውስጥ መልሱን እንደገና ልጽፍበት የምችል ወረቀት ነው።

አዲስ ገጽ፣ ቀለሙን ሞክሬዋለሁ፤ ወረቀቱ አማረ፣ «ትርጉም» የሚለው ቃል ግን በሰማያዊም ቢጻፍ ያው ዝም አለኝ።

ቀይ ብዕር

ብዙ ዓመት የታሪክ ፈተና ወረቀት ሳርም የኖርኩ ሰው ነኝና ይህን ጉዳይ ከሌላው ጫፍ አውቀዋለሁ፤ ተማሪው ከመከለሻ ወረቀት አጥንቶ ሲመጣ መልሱ ምን እንደሚመስል ማለቴ ነው። ስሞቹና ዓመታቱ ሁሉ አሉ፣ ግን እንደ ተበተነ ዶቃ ናቸው፤ አንዱ ከሌላው ጋር የታሠረበት ክር የለም።

እስቲ ያስቀመጥሽውን አንቀጽ እንደገና አንብቢውና ስሞቹን ተዪያቸው፤ ማያያዣዎቹን ብቻ አስምሪባቸው። «ገና ሁለት ወር አልሞላም ነበር»፣ «ይፈልጉ ስለነበር»፣ «ይሁን እንጂ»፣ «ይህንኑ ይዞ»፣ «የተረዱት ግን»። አምስት ናቸው። ውጤት ያስገኘልሽ የእነዚህ አምስቱ ሥራ ነው፤ ምክንያቱም ጥያቄው «ገምግሙ» እንጂ «ዘርዝሩ» አላለም። አሁን ደግሞ መከለሻሽን ተመልከቺው፤ ከአምስቱ አንድም አልተረፈም። አንቶኔሊ ተርፏል፣ አምባላጌ ተርፏል፣ «ይሁን እንጂ» ግን ጠፍቷል። ከአራት ቀን በኋላ «ትርጉም» የሚለው ቃል ዝም ያለሽ ለዚህ ነው።

ሁለተኛው ጉዳይ ርእሶቹ ናቸው። «መግቢያ፣ ምክንያቶች፣ ሂደት፣ ውጤት» የሚሉት ለማንኛውም ጦርነት ይሆናሉ፤ ለመቅደላም ለማይጨውም ብትለጥፊያቸው ልዩነቱ አይታወቅም። ርእሱ ራሱ የመልሱ አንድ ዓረፍተ ነገር ይሁን፤ ግሥ ይኑረው። ርእሶቹን ብቻ ከላይ ወደ ታች ብታነቢያቸው ለጥያቄው አጭር መልስ ሊሆኑ ይገባል።

ሦስተኛው፣ ይቅርታ አድርጊልኝና፣ ቀላል የማይባል ስሕተት ነው። መከለሻሽ ላይ 1889 ሁለት ጊዜ አለ። የመጀመሪያው ውጫሌ በፈረንጆች አቆጣጠር ነው፤ ሁለተኛው የአዲስ አበባ ውል በእኛ አቆጣጠር ነው፤ በፈረንጆቹ 1896 ነበር። በድርሰቱ ውስጥ «ዓ.ም.» የሚለው ስለነበር አልተምታታብሽም፤ ስታሳጥሪው መለያው ወደቀና ውሉ የተፈረመበትና በአዲሱ ውል የተሻረበት ዓመት አንድ ሆነው ቁጭ አሉ። ይህን ስሕተት በተማሪ ወረቀት ላይ ያየሁበትን ጊዜ ቁጥሩን አላውቀውም። በአንድ ወረቀት ላይ አንድ አቆጣጠር ብቻ ያዢ፤ ፈተናው የሚፈልገው ሌላውን ከሆነ ከአናቱ ላይ አንድ ጊዜ «ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ ሰባት፣ ከዚያ በኋላ ስምንት ጨምሪ» ብለሽ ጻፊ።

አዲስ ገጽ፣ ልጄ፣ «ይቻላቸዋል» የሚለውን ቃል ማክበብህ ትክክል ነው፤ «ሌላው ሁሉ ማድመቂያ ነው» ያልከው ግን ተማሪዋን ነጥብ ያስጥላታል። ውሉ የተፈረመው በ1881፣ ምኒልክ መሻሩን ለመንግሥታት ያስታወቁት በ1885፣ አድዋ ደግሞ በ1888 ነው። አንድ ቃል ጦርነት ካመጣ በመካከል ያለው ሰባት ዓመት ምን ሲደረግበት ነበር? መልሱ መሬቱ ላይ ነው። አንቀጽ 3 ወሰን ወስኖ አስመራን ጨምሮ ደጋውን ለጣልያን ሰጥቷል። በመስከረም 1882 ራስ መኮንን ጣልያን በነበሩበት ጊዜ የተፈረመው ተጨማሪ ስምምነት ወሰኑ በተጨባጭ በተያዘው መሬት እንዲሆን አደረገ፤ የጣልያን ጦርም ከውሉ ወሰን አልፎ እስከ መረብ ገፋ። በታኅሣሥ 1887 ደጃዝማች ባህታ ሐጎስ አካለ ጉዛይ ላይ ሲነሡ፣ በጥር ራስ መንገሻ ኩዓቲት ላይ ከጣልያኖች ጋር ሲዋጉ፣ ከዚያም ጣልያኖቹ ትግራይ ውስጥ ሲገቡ የአንቀጽ 17 ክርክር ከቀዘቀዘ ቆይቷል። ጥያቄው «ምን ያህል» የሚለው ይህን እንድትመዝኚ ነው።

ስለዚህ እኔ ብሆን ወረቀቱን እንዲህ እጀምረው ነበር፤ የቀረውን አንቺ ሙዪው፦

ርእስ 1፦ ምኒልክ በ1881 ውሉ ያስፈልጋቸው ነበር
መተማ፣ መጋቢት 1881፤ ዕውቅና፤ መሣሪያ
ስለዚህ ፈረሙ፤ ይሁን እንጂ ↓

ርእስ 2፦ አንቀጽ 17 ጠብ አመጣ እንጂ ጦርነት አላመጣም
«ይቻላቸዋል»፤ የክሪስፒ ማስታወቂያ፣ ጥቅምት 1882፤ የደብዳቤው መልስ
ከዚህ የተነሣ ውሉን ሻሩ፣ የካቲት 1885፤ ነገር ግን ሁለት ዓመት ገደማ ጦርነት የለም ↓

ርእስ 3፦ ጦርነቱን ያቀረበው መሬቱ ነው
አንቀጽ 3፤ ተጨማሪው ስምምነት፤ መረብ፤ ባህታ ሐጎስ

ርእስ 4፦ ስለዚህ ውሉ … (ይህን ፍርድ አንቺ ጻፊው)

በየርእሱ መጨረሻ ከቀስቱ ጋር የጻፍኳቸው ማያያዣዎች ከቁልፍ ቃላቱ እኩል ቦታ የተሰጣቸው ሆን ተብሎ ነው። ቀለም የምትጠቀሚ ከሆነ ለእነሱ ተጠቀሚበት፤ ስምና ዓመት በጥቁር ቢቀር አይጎዳም።

አምባላጌና መቀሌ መቅረታቸውንም ታያለሽ። በድርሰትሽ አንድ ገጽ ሙሉ እንደወሰዱ እገምታለሁ፤ ጥያቄው ግን ጦርነቱ እንዴት ተካሄደ አላለም።

የማታ ተማሪ

መምህር፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። አንድ ገጽ ሳይሆን ከአንድ ገጽ በላይ ነበር፤ መቀሌ ላይ እቴጌ ጣይቱ ውኃውን እንዲያዝ ያደረጉበትን ታሪክ እወደዋለሁና አብዝቼበታለሁ። አራሚውም እዚያ ጋ በእርሳስ «ከጥያቄው ጋር?» ብሎ ጽፎ ነበር፤ አሁን ገባኝ።

1889 ሁለት ጊዜ መኖሩን እርስዎ እስኪሉኝ አላየሁትም። ድርሰቱን ሳነብ በዓ.ም. አስቤ፣ ከመጽሐፉ ዓመት ስገለብጥ በፈረንጆች ጻፍኩ። ትናንት ማታ ወረቀቱን በእርስዎ መልክ ሠርቼ፣ ገልብጬ አስቀምጬ፣ ዛሬ በምሳ ሰዓት ባዶ ወረቀት ላይ አንቀጾቹን ለመጻፍ ሞከርኩ። የመጀመሪያው ርእስ ከሞላ ጎደል እንዳለ መጣ። ሁለተኛውም ከክሪስፒ ማስታወቂያ ወር በቀር መጣ። ሦስተኛው ላይ ግን ቆምኩ። «መረብ» የሚለውን አይቻለሁ፣ ወንዝ መሆኑንም አውቃለሁ፣ ግን ምን ልበልበት? «ጣልያኖች መረብ ላይ ነበሩ» ብዬ ጻፍኩና ቀጥሎ የምለው አጣሁ።

ቀይ ብዕር

ይህ ጥሩ ውድቀት ነው፤ የት እንደሳሳ በትክክል አሳይቶሻል። ሦስተኛው ርእስ ሥር የተሰለፉት ሁሉ ስሞች ናቸው፤ ስም ብቻውን ዓረፍተ ነገር አይጠራም። እንዲህ ያለ ቃል ሲያጋጥምሽ በጥያቄ ለውጪው፦ «ወሰኑ በአንቀጽ 3 ከነበረበት ወዴት ተገፋ?» መልሱ መረብ ነው፤ ጥያቄው ግን «ከነበረበት» ስለሚል አንቀጽ 3ን፣ «ተገፋ» ስለሚል ተጨማሪውን ስምምነት ይዞልሽ ይመጣል። ሁሉንም ቃል ወደ ጥያቄ አትለውጪ፤ ወረቀቱ የቃል ፈተና ይሆንብሻል። በባዶ ወረቀት ስትሞክሪ ዝም ያለሽን ቃል ብቻ ለውጪው።

ሌላ ልጠይቅሽ፤ ሁለተኛው ርእስ ለምን የመጣልሽ ይመስልሻል?

የማታ ተማሪ

«የደብዳቤው መልስ» የሚለው ይመስለኛል። እሱን ሳይ ደብዳቤ የላከ ሰው፣ መልስ የሚጠብቅ ሰው፣ ከዚያ «በጣልያን በኩል ላኩ» የሚል መልስ ሲደርሰው የሚደነግጥ ሰው ይታየኛል። «መረብ» ውስጥ ሰው የለም።

ከላቦራቶሪ

ይቅርታ፣ እኔ የታሪክ ተማሪ አይደለሁም፤ የሕክምና ላቦራቶሪ ነው የምማረው። ለእኛ የሚሠራው ሠንጠረዥ ነው። የደም ማነስ ዓይነቶችን በተመለከተ ሦስት ገጽ ጽሑፍ ነበረኝ፤ በግራ ዓይነቱን፣ በላይ «የሕዋሱ መጠን፣ ቀለሙ፣ መንስኤው» ብዬ ስከፍለው ሁሉም በአንድ ገጽ ገባ፤ እስካሁንም አልረሳሁትም። እህታችንም የውሉን ሁለት ቅጂዎች በሠንጠረዥ ብታደርጋቸው ቀስትና ማያያዣ አያስፈልጋትም ነበር። በነገራችን ላይ የብረት እጥረትና ታላሲሚያ ሁለቱም ሕዋሱን ትንሽ ስለሚያደርጉት በሠንጠረዡ ላይ ጎን ለጎን ናቸው፤ በፈተና ላይ ግን ምንጊዜም ይምታቱብኛል፤ ይህን የገጠመው ሰው አለ?

ቀይ ብዕር

ከላቦራቶሪ፣ ለአንቀጽ 17 ሁለት ቅጂዎች ሠንጠረዡ ልክ ነው፤ ጎን ለጎን የሚቆሙ ነገሮች ናቸውና አንድ መስመር ይበቃቸዋል። ከ1881 እስከ 1888 ያለው ግን ጎን ለጎን አይቆምም፤ አንዱ ሌላውን እየገፋ ነው የሚመጣው። በሠንጠረዥ ውስጥ ስታስገባው መገፋፋቱ ይጠፋና ሳጥኖቹ ብቻ ይቀራሉ። የአንተም ሁለቱ በሽታዎች የሚምታቱብህ ለዚሁ ሳይሆን አይቀርም፤ ሠንጠረዡ የሚመሳሰሉበትን እንጂ የሚለያዩበትን ምክንያት አልያዘልህም። ስለ ደሙ ግን ከዚህ በላይ የምለው የለኝም።

ሰነድ ቤት

ክሩን ከመጀመሪያ አንብቤዋለሁ፤ ቀይ ብዕር ስለ ማያያዣዎች ያሉት ጥሩ ነው። በአንድ ነገር ግን አልስማማም። «አንቀጽ 17 ጠብ አመጣ እንጂ ጦርነት አላመጣም» የሚለው ርእስ እንደ ዓረፍተ ነገር ያማረ ነው፤ ተማሪዋ ሃያ ጊዜ ካነበበችው ግን ማስረጃ ሳይሆን ጸሎት ይሆናል። ነገ ፈታኙ «ያለ አንቀጽ 17 ጦርነቱ አይነሣም ነበር፤ ትስማማላችሁ?» ብሎ ቢጠይቅ መከለሻዋ አፏን ይዘጋባታል። ይህም አከራካሪ ነው፤ ጣልያን ጥበቃውን ባታስታውቅ ኖሮ መሬት የመግፋቱን ድፍረት ታገኝ ነበር ወይ ብሎ መጠየቅ ይቻላል።

ቃሉ ራሱም ቢሆን ከሚባለው በላይ ስስ ነው። የጣልያንኛው ቅጂ በቀጥታ «ይገደዳሉ» አይልም፤ «ይስማማሉ» ለማለት በሚቀርብ ቃል ነው የተጻፈው። ግዴታ የሆነው በሮም በተነበበበት መንገድ ነው። የማታ ተማሪ በድርሰቷ «እንደ ተስማሙበት ግዴታ» ብላ ሁለቱንም ይዛዋለች፤ ጥሩ አድርጋለች። በመከለሻው ላይ ግን «ይቻላቸዋል» ብቻ ስለቀረ በፈተና ቀን «ጣልያንኛው ይገደዳሉ ይላል» ብላ እንደምትጽፍ እወራረዳለሁ።

ሐሳቤ ይህ ነው፤ ከእያንዳንዱ ርእስ ሥር የሚቃወመውን አንድ መስመር ጨምሪ። «ግን፦» ብለሽ ጀምሪውና ርእሱን የሚያናጋውን በጣም ጠንካራ ነጥብ አስቀምጪ።

ቀይ ብዕር

ሰነድ ቤት፣ ስለ ቃሉ ያልከው ትክክል ነው፤ «ይቻላቸዋል» ጎን «ይስማማሉ» መጻፍ አለበት፤ እኔም ማሳጠሩ ላይ ሳተኩር አለፍኩት። ስለ ርእሱ ግን ግማሽ መንገድ ነው የምከተልህ። ርእስ ሁሉ «ግን» ካስከተለ ወረቀቱ የሁለት ሰዎች ክርክር ይሆናል፤ ሰዓት በሚሮጥበት ፈተና ተማሪው ከሁለቱ አንዱን መምረጥ ሲያቅተው አይቻለሁ፤ በመጨረሻ «ሁለቱም ምክንያት ናቸው» ብሎ ይወጣል፤ ይህ ደግሞ «ገምግሙ» ለሚል ጥያቄ መልስ አይሆንም። «ግን» የሚለውን በእውነት በሚያከራክረው በሁለተኛው ርእስ ላይ ብቻ አስቀምጪ እላለሁ።

ሰነድ ቤት

ሦስተኛውም ያከራክራል። ከአንቀጽ 3 ይልቅ በ1877 ምጽዋ መያዟን መነሻ የሚያደርግ መልስ ሊኖር ይችላል፤ ዶጋሊም ከውጫሌ ሁለት ዓመት ቀድሟል። በዚህ ላይ ላንስማማ ነው።

አዲስ ገጽ

ስለ አንድ ቃል ያልኩትን እመልሳለሁ፤ ሰባቱን ዓመት አላሰብኳቸውም ነበር። ግን ሌላ ጥያቄ አለኝ፤ የእኛ ፈተና በእንግሊዝኛ ነው። እህቴ፣ የአንቺስ? እኔ መከለሻውን በአማርኛ ስጽፈው ይገባኛል፤ ፈተና ክፍል ስገባ ግን ቃሉ በአማርኛ ይመጣና እጄ ይቆማል። አሁን ሁሉንም በእንግሊዝኛ ነው የምጽፈው።

የማታ ተማሪ

የእኛም በእንግሊዝኛ ነው። ድርሰቱን መጀመሪያ በአማርኛ አስቤ ነው ያዞርኩት፤ እዚህ ያስቀመጥኩት የመጀመሪያው ቅጂ ነው። መከለሻውን በየትኛው ማድረግ እንዳለብኝ እስካሁን አልወሰንኩም።

ቀይ ብዕር

ቁልፍ ቃላቱን፣ ማለትም ጥበቃ፣ ዕውቅና፣ መሻር፣ ወሰን የሚሉትን በፈተናው ቋንቋ ጻፏቸው፤ ፊደሉን ጭምር በእጃችሁ መልመድ አለባችሁ። ርእሶቹና ማያያዣዎቹ በምታስቡበት ቋንቋ ቢሆኑ ግድ የለም።

ሰነድ ቤት

እዚህ ላይም እለያለሁ። ጥበቃ የሚለው ቃል በእንግሊዝኛ ምን እንደሚባል ማንም ተማሪ ያውቀዋል፤ በየገጹ አለ። ፈተና ላይ የሚያንቀው «ይሁን እንጂ»፣ «ይህንኑ ይዞ»፣ «እንጂ» የሚሉት ናቸው። አማርኛ «ጠብ አመጣ እንጂ ጦርነት አላመጣም» ሲል በአንድ ቃል የሚሠራውን በሌላው ቋንቋ ለማለት ዓረፍተ ነገሩን መገልበጥ ያስፈልጋል፤ ተማሪው በዚያ ሰዓት ስለማይገለብጠው ሁሉንም በነጠላ ሰረዝ ይቀጥላቸዋል። እርስዎ ራስዎ የተበተነ ዶቃ ያሉት ከዚህም የሚመጣ ይመስለኛል። ስለዚህ በፈተናው ቋንቋ መጻፍ ያለባቸው በመጀመሪያ ማያያዣዎቹ ናቸው።

ቀይ ብዕር

በዚህ አልከራከርህም፤ እኔ ያረምኳቸው በአብዛኛው በአማርኛ የተጻፉ ነበሩ።

ሲልቨር ስፕሪንግ

ጥያቄውን መጀመሪያ በደንብ ሳላነብ ነው የመለስኩት፤ ይቅርታ። ማታ ለልጄ የመምህሩን ነገር ነገርኩት፤ የእሱ ወረቀት ስለ አሜሪካ የእርስ በርስ ጦርነት ነው። ርእሶቹን ከላይ ወደ ታች አንብብ አልኩት። «መነሻ፣ ጦርነቶች፣ ሊንከን፣ መጨረሻ» ብሎ አነበበና ራሱ ሣቀ። ግን አንድ ነገር ጠየቀኝ፤ ርእሱን በዓረፍተ ነገር ከጻፈው ወረቀቱ እንደገና ድርሰት አይሆንም ወይ? ምን ልበለው?

የማታ ተማሪ

እትዬ፣ እኔም ያንኑ ፈርቼ ነበርና ቆጠርኩት። ድርሰቱ በግምት አንድ ሺህ መቶ ቃል ነበር፤ አሁን ያለው ወረቀት ርእሶቹን ጨምሮ ከዘጠና ቃል አይበልጥም። ርእሶቹ አራት ዓረፍተ ነገር ናቸው፤ ከእነሱ ሥር ሙሉ ዓረፍተ ነገር የለም። ወደ ድርሰት መመለስ የጀመረው ሰነድ ቤት ያሉትን «ግን» በሁሉም ላይ ስጨምር ነው፤ ስለዚህ በሁለተኛው ላይ ብቻ ተውኩት።

ዛሬ ለሦስተኛ ጊዜ በባዶ ወረቀት ሞከርኩ። ሦስተኛው ርእስ አሁን እንዲህ ነው፦

ርእስ 3፦ ጦርነቱን ያቀረበው መሬቱ ነው
ወሰኑ በአንቀጽ 3 ከነበረበት ወዴት ተገፋ? በምን ስምምነት?
ባህታ ሐጎስ፣ ታኅሣሥ 1887፤ ኩዓቲት፣ ጥር 1887
ከዚያ በኋላ ጣልያን ትግራይ ውስጥ ናት፤ ክርክሩ ስለ ቃል መሆኑ ቀረ ↓

በዚህ ሞላልኝ፤ ከኩዓቲት በቀር የሚጠፋኝ የለም፤ እሱንም ከሰንዓፌ ጋር አምታታዋለሁ። አንድ ያልጠበቅሁት ነገር አገኘሁ፤ «ክርክሩ ስለ ቃል መሆኑ ቀረ» የሚለው መስመር በድርሰቱ ውስጥ አልነበረም። ወረቀቱን ስሠራ ሁለተኛውን ከሦስተኛው የሚያያይዘው ሲጠፋኝ ነው ወደ ድርሰቱ የተመለስኩት፤ እዚያም የለም፤ በአዲስ አንቀጽ ብቻ ዘልዬዋለሁ። አራሚው አላየብኝም ማለት ነው።

አራተኛው ርእስ ግን አሁንም «ስለዚህ ውሉ …» ላይ እንደቆመ ነው። በድርሰቱ «ዋነኛ ምክንያት» ብዬ ነበር የደመደምኩት፤ ሦስተኛውን ርእስ እንዲህ ከጻፍኩ በኋላ ያንን መጻፍ አልቻልኩም። «ሰበብ» ልበለው ወይስ «መነሻ»? ሁለቱ አንድ እንዳልሆኑ ይገባኛል፤ የቱ እንደሚበልጥ ግን አልለየሁም።

ሰነድ ቤት

«ሰበብ» ካልሽ ጣልያን መምጣቷ አይቀርም ነበር ማለትሽ ነው፤ ምጽዋንና ዶጋሊን ማስገባት ይኖርብሻል። «መነሻ» ካልሽ ግን ሰባቱን ዓመት የመሙላት ዕዳ አለብሽ፤ ሦስተኛው ርእስሽ ደግሞ ሞልቶታል።

ቀይ ብዕር

እኔ «ሰበብ» እል ነበር። አራሚሽ ምን እንደሚል አላውቅም።

አዲስ ገጽ

የራሴን ወረቀት አሁን አውጥቼ አየሁት። 1889 ሁለት ጊዜ አለ፤ ሁለቱም በቀይ።